ጂም ከመመዝገባችሁ በፊት፦ አንዱ ቀን በትክክል ስንት ያወጣችኋል?

በ2017 መስከረም መጀመሪያ ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ ጂም የዓመት ክፍያ ከፈልኩ። ወርሃዊው 1,200 ብር ነበር። ዓመቱን አንድ ላይ ለሚከፍል ግን 9,600 ብር ነው አሉኝ። ሲካፈል በወር 800 ብር ይመጣል። መመዝገቢያ 300 ብር ተጨመረበት። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «አቦ፣ ዓመቱን ክፈልና ተገላገል» አለኝ። እኔም በወር 400 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ከፈልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩ ቁጥር ስልኬ ካላንደር ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠርኩት። መስከረም 15 ቀን፣ ጥቅምት 13፣ ኅዳር 11፣ ታኅሣሥ 9 ቀን ሄጃለሁ። ጥር ላይ ሠርግ በዛና ወደ 6 ወረደ። የካቲት 5፣ መጋቢት 4፣ ሚያዝያ 3። ግንቦት በሙቀቱ 2 ቀን ብቻ፣ ሰኔ 1 ቀን። ሐምሌ 3፣ ነሐሴ 4። ጳጉሜን ላይ አልሄድኩም። ድምሩ 76 ቀን ነው።

የከፈልኩት 9,900 ብር ለ76 ሲካፈል አንዱ ቀን 130 ብር ወጥቶብኛል። እዚያው ጂም በር ላይ የአንድ ቀን መግቢያ 120 ብር ነበር። ምንም ሳልመዘገብ በሄድኩበት ቀን ብቻ ብከፍል ኖሮ 9,120 ብር ነበር የማወጣው። ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ከመደበኛው የቀን ዋጋ በላይ ከፍያለሁ።

ስለዚህ ይህን ንጽጽር የምጽፈው የትኛው ጂም ይሻላል ለማለት አይደለም። የጂም ስም አልጠራም። የማወዳድረው የክፍያ ዓይነቶችን ነው። የቀን፣ የካርድ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ የወር፣ የሦስት ወር፣ የዓመት እና የሆቴል ክለብ። ከታች ያሉት ዋጋዎች እኔ ከከፈልኩት ተነስቼ ለስሌት እንዲመቹ ያጠጋጋኋቸው ናቸው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ የናንተን ሰፈር ዋጋ ተክታችሁ አስሉት። አሠራሩ አይለወጥም።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ዋናው መለኪያ አንድ ነው፦ በወር በእውነት ስንት ቀን ትሄዳላችሁ? ልትሄዱ ያሰባችሁትን ሳይሆን የሄዳችሁትን ነው የምጠይቀው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች የሦስት የስፖርት ክለቦችን መዝገብ ለሦስት ዓመት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አሳትመዋል። ወርሃዊ አባላቱ በወር ከ70 ዶላር በላይ እየከፈሉ በአማካይ 4.3 ጊዜ ብቻ ይሄዱ ነበር። አንዱ ጊዜ ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው ማለት ነው። በዚያው ክለብ የአሥር ጊዜ ካርድ ቢገዙ አንዱ በ10 ዶላር ያልቅላቸው ነበር። ሰዎች አስቀድመው ሲጠየቁ ደግሞ የሚሄዱበትን ቀን ከእጥፍ በላይ አድርገው ነበር የሚገምቱት። ይህን ሳነብ የራሴን ካላንደር ያየሁ መሰለኝ።

የራሳችሁን ቁጥር ለማግኘት ያለፉትን ሁለት ወራት ቁጠሩ። ካላንደር ላይ ካልያዛችሁት የጂሙ መፈረሚያ ደብተር ላይ ይኖራል፤ ጠይቁ። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ቁጥር የላችሁም። ያኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው። በልባችሁ ያለውን ቁጥር ወስዳችሁ ለሁለት ክፈሉት። «በሳምንት አራት ቀን እሄዳለሁ» ካላችሁ በሁለት ቀን አስሉ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስላችሁም የመጀመሪያውን ውሳኔ በእሱ ወስኑ። በኋላ ከበለጠ ማሳደግ ቀላል ነው። የከፈሉትን ማስመለስ ግን ከባድ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ሙሉ ወጪው ነው። ከአባልነት ክፍያው ሌላ መመዝገቢያ፣ ባጃጅ፣ ውኃ እና ካለ የቁም ሣጥን ወይም የፎጣ ክፍያ አለ። የተነገራችሁ ዋጋ ቫት ይጨምር እንደሆነም ጠይቁ። 15 በመቶ ቀላል አይደለም። 1,200 ብር ሲሉ ቫትን ሳይጨምር ከሆነ የምትከፍሉት 1,380 ብር ነው።

ሦስተኛው፣ ስትቀሩ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ካርዱ የሚያልቅበት ቀን አለው? ክፍለ ሀገር ብትሄዱ ወይም ብትታመሙ ቀኑን ያቆሙላችኋል? ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል? እነዚህ ሦስቱ ዋጋው ላይ አልተጻፉም፤ የአንዱን ቀን ዋጋ ግን በጣም ይቀይሩታል።

አራተኛው ሰዓት ነው። ድሬ ላይ ይህ ብቻውን ብዙ ይወስናል። ጂሙ ከንጋት እስከ ምሽት ክፍት ነው ሊሏችሁ ይችላሉ። ከቀኑ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ሙቀት ግን ማን ወጥቶ ብረት ያነሳል? ከተማው እንኳ ሱቁን ዘግቶ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በተግባር ያላችሁ ሁለት ሰዓት ነው፦ ማለዳ ከሥራ በፊት እና ከመግሪብ ወዲህ። በእነዚያ ሰዓቶች ደግሞ ሁሉም ሰው ይመጣል። ሴቶች ደግሞ አንዳንድ ቦታ የሴቶች ሰዓት ተብሎ የተለየ ስላለ ያ ሰዓት ከሥራቸው ጋር መግጠሙን ማየት አለባቸው። ከመክፈላችሁ በፊት ልትሄዱ ባሰባችሁበት ሰዓት አንድ ቀን የቀን ከፍላችሁ ሥሩ። ትሬድሚል ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ከጠበቃችሁ ያ ጂም ለናንተ ርካሽ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተር ይነሳ እንደሆነም ያን ቀን ጠይቁ። ያለ ማራገቢያ እዚህ አገር ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም።

የቀን ክፍያ

በሄዳችሁበት ቀን በር ላይ ትከፍላላችሁ። እኛ በያዝነው ምሳሌ 120 ብር። ብዙ ሰው ይህን ለእንግዳ ብቻ የተሠራ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ለብዙዎቻችን ትክክለኛው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥሩ ጎኑ አለመሄድ ምንም አያስወጣም። ረመዳን ገባ፣ ሥራ በዛ፣ ልጅ ታመመ፤ ምንም አልከፈላችሁም። መጥፎ ጎኑ ደግሞ በየቀኑ ከኪስ ገንዘብ ማውጣቱ ይከብዳል። በር ላይ ቆማችሁ «ዛሬስ ይቅር» የማለት ዕድል ይሰጣል። ይህን ችግር የማቃልለው በወሩ መጀመሪያ የስምንት ቀኑን 960 ብር ለብቻ በፖስታ አስቀምጬ ነው። ገንዘቡ ወጥቷል ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ካልሄድኩ ግን የእኔው ነው።

ሌሎቹን ሁሉ የምንለካው በዚህ ነው። የማንኛውንም ክፍያ መቁረጫ ቁጥር ለማግኘት ጠቅላላውን በቀን ክፍያው አካፍሉ። የወሩ 1,200 ለ120 ሲካፈል 10 ነው። በወር ከ10 ቀን በታች የሚሄድ ሰው ወርሃዊ መክፈል የለበትም።

የአሥር ጊዜ ካርድ

ለአሥር ጊዜ 1,000 ብር እንበል። አንዱ 100 ብር ነው። በገባችሁ ቁጥር አንድ ቀዳዳ ይበሳል ወይም ይፈረማል።

ካርድ ላይ መጠየቅ ያለባችሁ ዋና ነገር የሚያልቅበት ቀን ነው። በሁለት ወር ካልጨረሳችሁት የሚቃጠል ከሆነ በወር 4 ቀን የሚሄድ ሰው 8 ብቻ ተጠቅሞ ሁለቱ ይቀሩበታል። አንዱ 125 ብር ይወጣበታል። ከቀን ክፍያውም ይበልጣል። በወር 5 ቀን እና ከዚያ በላይ ለሚሄድ ግን ካርዱ ከቀን ክፍያ ይሻላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ካርድ የሚሸጥ ጂም ካገኛችሁ የወርሃዊው መቁረጫ ቁጥር ከ10 ወደ 12 ከፍ ይላል። 1,200 ለ100 ሲካፈል 12 ነውና። በሳምንት ሦስት ቀን ሳያጓድል የማይሄድ ሰው በካርድ ይሻለዋል። ካርድ ሁሉም ቦታ የለም። የሌለበት ጂም ብትሆኑም ጠይቁ። «አሥር ቀን አንድ ላይ ብከፍል ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» በሉ። ድሬ ላይ ዋጋ መነጋገር ነውር አይደለም።

በሳምንት ሦስት ቀን

አንዳንድ ጂሞች ወርሃዊውን በሁለት ይሸጡታል። አንዱ በሁሉም ቀን፣ ሌላው በሳምንት ሦስት ቀን። ሦስት ቀኑ 900 ብር ይሁን። በ30 ቀን ውስጥ 12 ወይም 13 ቀን ይገኝበታል። ሙሉውን ከሄዳችሁ አንዱ ወደ 70 ብር ይወርዳል። ከሁሉም ወርሃዊ ክፍያ ይህ ለተራ ሠራተኛ በጣም ያዋጣል።

ወጥመዱ ቀኖቹ የታሰሩ ሲሆኑ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ተብሎ ከተሰጣችሁ የቀራችሁበትን ሰኞ ማክሰኞ መተካት ላይቻል ይችላል። ዓርብ ላይ ጁምዓ ወይም ሌላ ጉዳይ ያለበት ሰው በወር አራቱን ዓርብ ሊያጣ ይችላል። ያኔ 9 ቀን ይቀረዋል፤ አንዱ 100 ብር ይሆናል። «ማንኛውም ሦስት ቀን» ከሆነ ግን ሳታመነቱ ውሰዱት።

የወር እና የሦስት ወር

ወርሃዊው ከ10 ቀን በላይ ለሚሄድ ይሻላል አልን። የሦስት ወሩ 3,000 ብር ከሆነ በወር 1,000 ይመጣል። መቁረጫው በሦስት ወር 25 ቀን ነው። በወር ከ8 ቀን ትንሽ በላይ ማለት ነው።

የሦስት ወሩን የምወደው ለሌላ ምክንያት ነው። ርዝመቱ የሰውን ወኔ ያክላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ድሬ አየሩ እየቀለለ ይሄዳል። አዲስ ዓመት ነው፤ ሰው ልቡ ይነሳል። እኔ በእነዚያ ሦስት ወራት 39 ቀን ሄጃለሁ። በሦስት ወር ክፍያ አንዱ 77 ብር ይሆንልኝ ነበር።

አሁን ዓመቱን እንደገና ላስላው። ሦስቱን ወር በ3,000 ብር፣ መመዝገቢያ 300፣ የቀሩትን 37 ቀናት በቀን ክፍያ 4,440 ብር። ድምሩ 7,740 ብር። አንዱ 102 ብር። ከከፈልኩት 9,900 ጋር ሲነጻጸር 2,160 ብር ይተርፈኝ ነበር። ያው ጂም፣ ያው 76 ቀን። የተለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው።

የዓመት ክፍያ

ዓመታዊው 9,600 ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ «በወር 800 ብቻ» የሚለውን ነው። እናንተ ግን ገልብጣችሁ ጠይቁ። 9,600 ለ1,200 ሲካፈል 8 ነው። በወር ብከፍል ስምንት ወር እከፍል ነበር ወይ? አንድ ሰው አምስት ወር ጠንክሮ ሄዶ ካቆመ በወር ሲከፍል 6,000 ያወጣል። በዓመት ከከፈለ 9,600። ዓመታዊ የሚያዋጣው ዘጠነኛው ወር ላይም ጂም ውስጥ ለሚገኝ ሰው ነው።

ዘጠነኛው ወር ከመስከረም ሲቆጠር ግንቦት ነው። ድሬ በግንቦት እና በሰኔ ምን እንደምትመስል ለድሬ ልጅ አልነግርም። ከዚያ በፊት ደግሞ ጾሙ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ በየዓመቱም ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። በ2017ም በ2018ም ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ነው የወደቁት። የካቲትና መጋቢት ላይ ጂሙ ጭር ብሎ ነበር። የሚጾም ሰው ጉልበቱ አይፈቅድም። ከኢፍጣር በኋላ የሚሠሩ አሉ፤ ጂሙ በዚያ ሰዓት ክፍት ከሆነ። ስለዚህ ዓመታዊ የምትከፍሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ሁለት ወር ቀንሱና አስሉ። 9,600ን ለ12 ሳይሆን ለ10 አካፍሉ። በወር 960 ሆነ። አሁን ከሦስት ወሩ 1,000 ጋር ያለው ልዩነት 40 ብር ብቻ ነው። ለ40 ብር ብዬ 9,600 ብር አስቀድሜ አልሰጥም።

በጾም ወር ቀኑን የሚያቆምላችሁ ጂም ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ዓመታዊው እውነተኛ 12 ወር ይሆናል። በቃል ከነገሯችሁ ደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፉት። ስንት ቀን እንደሚያቆሙ እና ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድም ይጻፍ። ባለቤት ወይም እንግዳ ተቀባይ ሲቀየር የቃል ስምምነት አብሮ ይሄዳል።

«ከከፈልኩ ገንዘቡ ያስሄደኛል» የሚል ሰው አለ። እኔም ብዬዋለሁ። እውነት አለው፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ የስፖርት ክለብ አባላትን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት፣ አባላቱ በከፈሉ ሰሞን በብዛት እንደሚመጡ እና ከዚያ ቀስ በቀስ እንደሚቀንሱ ነው። በወር በወር የሚከፍሉት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ ሆነው ነው የሚመጡት። ገንዘቡ እንዲያስሄዳችሁ ከፈለጋችሁ በየወሩ ክፈሉ። የከፈሉት ነገር ሲቆይ ከልብ ይጠፋል።

የሆቴል ክለብ

ዋናና ስቲም ያለው የሆቴል ክለብ በወር 3,500 ብር ይሁን። ይህን ከተራ ጂም ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይገባም። ምክንያቱም የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን ብቻ አውጥታችሁ ለኩት። 3,500 ሲቀነስ 1,200፣ 2,300 ብር ነው። ይህ ለዋናው የምትከፍሉት ነው። የዋና ቦታው በር ላይ 200 ብር የሚያስከፍል ከሆነ 2,300 ለ200 ሲካፈል 11 ከግማሽ ይመጣል። በወር 12 ቀን የምትዋኙ ከሆነ ክለቡ ያዋጣል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን አያዋጣም። ያኔ ተራ ጂም ይዛችሁ ዋናውን በቀን ክፈሉ። ክፍያው ቤተሰብ ይጨምር እንደሆነም ጠይቁ። ባልና ሚስት ሁለት ልጅ ይዘው በአንድ ክፍያ የሚገቡ ከሆነ ስሌቱ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ባጃጁን አትርሱ

የአባልነት ክፍያ በሄዳችሁ ቁጥር አንዱ ቀን ይረክሳል። ባጃጅ ግን አይረክስም። በሄዳችሁ ቁጥር ይጨምራል። ይህ ውጤቱን የሚገለብጥበት ጊዜ አለ።

ሳቢያን የሚኖር ሰው እንውሰድ። ቤቱ አጠገብ 1,500 ብር የሚያስከፍል ጂም አለ፤ በእግር ይሄዳል። ከዚራ ደግሞ 1,000 ብር የሆነ አለ፤ ባጃጅ ደርሶ መልስ 40 ብር ይሁን። በወር 8 ቀን ከሄደ የሩቁ 1,320 ብር ይሆናል፤ ከቅርቡ ይረክሳል። 12 ቀን ከሄደ 1,480፤ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። 16 ቀን ከሄደ 1,640፤ አሁን የቅርቡ ረከሰ። ብዙ ለሚሄድ ሰው ውድ የሚመስለው የሰፈር ጂም ነው ርካሹ። ውኃም እንደዚሁ ነው። በዚህ ሙቀት በአንድ ጊዜ ሁለት ሃይላንድ ማለቁ አይቀርም። ከቤት ይዞ የሚሄድ እና እዚያ የሚገዛ ሰው በወር ውስጥ በጣም ይለያያሉ።

ሰንጠረዡ

መመዝገቢያ፣ ባጃጅና ውኃ ሳይጨመር አንዱ ቀን በብር ስንት እንደሚወጣ ነው። ካርዱ በሁለት ወር የሚያልቅ ነው ብዬ ይዣለሁ።

| የክፍያ ዓይነት | በወር 4 ቀን | በወር 8 ቀን | በወር 12 ቀን | በወር 16 ቀን |
|---|---|---|---|---|
| የቀን (120) | 120 | 120 | 120 | 120 |
| የአሥር ጊዜ ካርድ (1,000) | 125 | 100 | 100 | 100 |
| በሳምንት ሦስት ቀን (900) | 225 | 113 | 75 | አይቻልም |
| የወር (1,200) | 300 | 150 | 100 | 75 |
| የሦስት ወር (3,000) | 250 | 125 | 83 | 63 |
| የዓመት (9,600) | 200 | 100 | 67 | 50 |
| የሆቴል ክለብ (3,500) | 875 | 438 | 292 | 219 |

ሰንጠረዡን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዓመቱ መስመር የሚሠራው 12ቱንም ወር በዚያው ቁጥር ለሄደ ሰው ነው። እኔ መስከረም ላይ ይህን ሰንጠረዥ ባይ ኖሮ ዓይኔ የሚያርፈው 16 ቀን የሚለው ላይ ነበር። 15 ቀን እሄድ ነበርና። ዓመታዊውም 50 ብር አካባቢ መስሎ ይታየኝ ነበር። የዓመቱ አማካኝ ግን በወር ከ6 ቀን ትንሽ በለጠ። ሰንጠረዡ ላይ የምትፈልጉት ዓምድ የምርጥ ወራችሁን ሳይሆን የአማካኝ ወራችሁን ነው።

ለማን የትኛው

ጀማሪ ከሆናችሁ፣ የመጀመሪያውን አራት ሳምንት በቀን ክፈሉ። በእኛ ምሳሌ 8 ቀን ብትሄዱ 960 ብር ነው። ከወርሃዊው ያንሳል። ከዚህ ይልቅ ዋናው ነገር ቁጥራችሁን ታውቃላችሁ። ጂሙ መመዝገቢያ የሚያስከፍለው ለአባል ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱንም አልከፈላችሁም።

ደመወዝተኛ ሆናችሁ ሰዓታችሁ የታወቀ ከሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚለውን ፈልጉ። ቀኖቹ ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ። እሱ ከሌለ ካርድ።

ታይዋን ወይም መጋላ ገበያ የሚነግዱ ሰዎች ሌላ ችግር አለባቸው። ዕቃ ሲገባ ሳምንት ሙሉ አይወጡም፤ ሲቀዘቅዝ በየቀኑ ይሄዳሉ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ቀን ያልታሰረበት፣ ማለቂያው ረዘም ያለ ካርድ ይሻላል። ሦስት ወር የሚቆይ ከሆነ ሁለት ገዝቶ መያዝም ይችላል።

ተማሪ ከሆናችሁ ወይም በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ የተማሪ ዋጋ ጠይቁ። መታወቂያ አሳይታችሁ የሚቀንሱ አሉ። የሴሚስተር ፈተና የሚገባበትን ወር ግን አትክፈሉበት።

ለረጅም ጊዜ የሠራችሁ፣ ያለፈው ዓመት ምልክታችሁ በጾምም በሙቀትም ከ10 የማያንስ ከሆነ፣ ዓመታዊውን ክፈሉ። ለእናንተ አንዱ ከ80 ብር አይበልጥም። እንዲህ ዓይነት ሰው ጥቂት ነው። ካላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጂሙን ቀድማችሁ የምታስከፍቱት እናንተ ናችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አዲስ የተከፈተ ጂም ዓመታዊ ሲሸጥ ቀስ በሉ። ቢዘጋ ወይም ቦታ ቢቀይር ገንዘባችሁን ማን ይመልሳል? አዲስ ጂም ከሆነ ከሦስት ወር አትለፉ።

ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ ትዘሉ? የእኔ ደንብ ይህ ነው። ሁለት ወር በተከታታይ መቁረጫውን ካለፍኩ አንድ ደረጃ ወደ ላይ። ከቀን ወደ ካርድ፣ ከካርድ ወደ ወር፣ ከወር ወደ ሦስት ወር። አንድ ወር ከመቁረጫው በታች ከወረድኩ ደግሞ ሲያልቅ አንድ ደረጃ ወደ ታች። ሁለት ወር ጥሩ መሄድ የበዓል ወኔ ሊሆን ይችላል ብዬ ወደ ላይ ስወጣ እዘገያለሁ። ስወርድ ግን አልዘገይም።

2018ን በካላንደሬ ቁጥር ነው የያዝኩት። መስከረም ላይ ሦስት ወር ከፈልኩ። ታኅሣሥ ላይ ሲያልቅ እንግዳ ተቀባይዋ «ዓመታዊ አናድርግልህ ወይ ወንድሜ? ቅናሽ አለው» አለችኝ። ካላንደሬን አሳየኋት። የኅዳሩ 10 ነበር፤ ካርድ ባለበት ጂም የወርሃዊው መቁረጫ ደግሞ 12 ነው። «አይ እህቴ፣ ካርድ ስጪኝ» አልኳት። የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ሲገባ ካርዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሁለቱን እዚያው ሳምንት ጨረስኳቸው።